ካልሲየም ወስዳ ያልተነሳች ላም፣ ሁለተኛው ጠርሙስ መቼ ነው የሚሰጠው?

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ላሜ ትናንት ማታ አራተኛ ጥጃዋን በሰላም ወልዳ ጠዋት 12 ሰዓት ስንገባ ተኝታ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ አገኘናት። 2 ሰዓት ላይ መርፌ መውጋት የሚችል ጎረቤት ባለ 500 ሚሊ ካልሲየም በደም ስር ሰጣት፣ ቀና አለች ሸናችም ግን አልተነሳችም። አሁን 5 ሰዓት ሆነ፣ ጎረቤቴ ሌላ አንድ ቶሎ እንጨምርላት ይላል፣ ላስጨምር?»

ወንድሜ አሁን እንዳታስጨምር፣ ጎረቤትህንም በደንብ አስረዳው። የነገርከኝ ምልክት መድኃኒቱ እንደሰራ ነው የሚያሳየው፣ ቀና ካለች፣ ከሸናች፣ እበት ከጣለች፣ ካገሳች፣ አፍንጫዋ ከረጠበና ጆሮዋ ሞቅ ካለ ካልሲየሙ በደሟ ውስጥ ተመልሷል ማለት ነው። ስለዚህ አሁን ያስተኛት ነገር ካልሲየም ላይሆን ይችላል፣ ያልጎደለ ነገር ላይ ስትጨምር ደግሞ የሚጎዳው ልብ ነው።

ለምን መሰለህ፣ አንድ ሊትር እንገር ውስጥ ከ2 ግራም በላይ ካልሲየም አለ፣ በላሟ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዞረው ግን 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በወለደች ማግስት ወተቱ ሲወርድ ደሙ ቶሎ ይራቆታል፣ ከአጥንትና ከመኖ የሚመጣው ምትክ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያል፣ በተለይ ሶስተኛ አራተኛ የወለዱት ላይ። ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይሰራም፣ እግሯም ጨጓራዋም የሚዝለው ለዚህ ነው። ልብም ጡንቻ ነው፣ ሲጎድልበት ይደክማል፣ በአንዴ ብዙ ሲፈስበት ደግሞ ምቱ ተዛብቶ ቀጥ ሊል ይችላል። መርፌው ላይ እያለች ድንገት የምትሞት ላም ብዙ ጊዜ የሞተችው በሽታው በርትቶባት ሳይሆን ጠርሙሱ ስለፈጠነ ነው፣ ይሄ ደግሞ በጣም የሚያሳዝነው መዳን ትችል የነበረች ላም መሆኗ ነው።

መጠኑን እንየው። በግምት ለ45 ኪሎ ክብደት 1 ግራም ካልሲየም ነው የሚሰላው፣ ላምህ 450 ኪሎ አካባቢ ከሆነች 10 ግራም ገደማ ማለት ነው። የተለመደው ባለ 23 ፐርሰንት ካልሲየም ቦሮግሉኮኔት 500 ሚሊው ወደዚያ የሚጠጋ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ጠዋት የወሰደችው በቂ ዶዝ ነበር። ባለ 40 ፐርሰንት የሚባለው ግን በጣም የበረታ ስለሆነ ጠርሙስ ከመቁጠር በፊት ላቤሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ፍጥነቱ ደግሞ በደቂቃ ከ1 ግራም እንዳይበልጥ ነው፣ አንድ ጠርሙስ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ እኔ 15 ብል እመርጣለሁ። ጎረቤትህን በስንት ደቂቃ እንዳስገባው ጠይቀው፣ በሶስት በአራት ደቂቃ ከሆነ እድለኛ ነበራችሁ።

ሐኪም መጥቶ በደም ስር ከሰጣት የምታየው ይሄን ነው፣ ጠርሙሱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቆይቶ የሰውነት ሙቀት ይይዛል፣ ላሟ በደረቷ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ መርፌው የሚገባው በትልቁ የአንገት ደም ስር ነው እንጂ ሆዷ ስር ባለው የወተት ደም ስር አይደለም፣ እሱ ቶሎ ያብጣል ይቆስላልም። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ጠርሙሱን ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። አንድ ሰው ስቴቶስኮፕ በግራ ክርኗ ጀርባ አድርጎ ልቧን ሳያቋርጥ ይሰማል። ምቱ ቀስ በቀስ ረጋና ጠንከር ቢል ጥሩ ነው፣ ግን ሲዘል፣ ሲደባለቅ ወይ በጣም ሲዘገይ ወይ ላሟ ድንገት ስትጨነቅ ያኔውኑ ቱቦውን መቆንጠጥ፣ ልቡ እስኪስተካከል መጠበቅ፣ ከዚያ ከተቀጠለም በጣም በዝግታ። አንገቷ መርፌው ጋ ካበጠም ቆም ነው፣ መድኃኒቱ ከደም ስር ውጭ እየፈሰሰ ነው። ልብ የሚያዳምጥ ሰው ከሌለ ግን በደም ስር ባይሰጥ ይሻላል። ከቆዳ ስር መስጠት ይቻላል፣ ግን ግሉኮስ ያልተቀላቀለበት ካልሲየም ቦሮግሉኮኔት ብቻ፣ አንድ ቦታ ላይ ከ50 ሚሊ ብዙም ሳይበልጥ በተለያየ ቦታ ተከፋፍሎ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ከሆነ በጭራሽ ከቆዳ ስር አይወጋም ስጋውን ያበሰብሰዋል።

አሁን ወደ ላምህ እንመለስ። ማታ ወልዳ ጠዋት 12 ሰዓት ተኝታ ካገኛችኋት መቼ እንደወደቀች አይታወቅም፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከሆነ እስካሁን 11 ሰዓት ሙሉ በአንድ ጎን ተኝታለች ማለት ነው። የዚህን ያህል ክብደት ከስር ባለው እግር ላይ ሲያርፍ ደም አይዘዋወርም፣ ጡንቻውና ነርቩ ይጎዳል፣ ጥቂት ሰዓት እንኳን በቂ ነው በተለይ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ። ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ ተስተካክሎ ላም ተኝታ የምትቀረው በዚህ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ያንተ ዋና ስራ መርፌ ሳይሆን ጉዝጓዝ ነው። ወፍራም ገለባ ወይ አሸዋ አድርግላት፣ ሲሚንቶ ላይ ከሆነች በአንገቷ ወይ በእግሯ ገመድ እንዳትጎትቷት፣ ሰፊ ጣውላ ወይ ሸራ ላይ አንከባላችሁ አንሸራትቷት። በደረቷ ተቀምጣ በገለባ እስር ትደገፍ፣ በጎኗ ተዘርግታ ከቀረች ሆዷ ይነፋል፣ ከጨጓራዋ የሚመለሰውም ሳንባዋ ይገባል። በየ3 ወይ 4 ሰዓቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አገላብጧት፣ ሌሊትም ቢሆን። ውሃና መኖ አፏ ስር ይሁን፣ ግን ራሷ ካልጠጣች አፍ ውስጥ ምንም እንዳታፈሱ፣ መዋጥ ያቃታት ላም ሳንባዋ ውስጥ ነው የሚገባው።

እያገላበጥክ እያለ ሶስት ነገር እይልኝ። ከአራቱም ጡት ትንሽ ትንሽ አልበህ ውሃ የመሰለ ወይ የተቋጠረ ካለ የጡት በሽታ መርዝ ነው ያስተኛት ማለት ነው፣ እንደዚህ አይነቷ ላም ልቧ ካልሲየምን ከሌላው በባሰ አይችልም፣ ጡቱን ሳያዩ በደም ስር መስጠት የማልወደው ለዚህ ነው። የኋላ እግሮቿን እይ፣ ወደ ጎን ተከፍተው ከቀሩ ወይ ሲነኩ ሲቀጭቅ ከተሰማ የነርቭ ወይ የአጥንት ጉዳት ነው። ሙቀቷን ለካ፣ በካልሲየም እጥረት ብቻ የተኛች ላም ብዙ ጊዜ ከ38.5 በታች ነው የምትሆነው፣ ከ39.5 በላይ ካገኘህ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ከነዚህ አንዱን ካየህ በአካባቢህ ላለው የእንስሳት ሐኪም ደውለህ ንገረው፣ ይዞት የሚመጣው መድኃኒት ይለያያል።

ሁለተኛ ዶዝ ቦታ አለው፣ ከመጀመሪያው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ያንተዋ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው፣ ያውም ጆሮዋ ተመልሶ ከቀዘቀዘ፣ አንገቷን መልሳ ካጠፈች፣ መሽናትም ካቆመች። ነቃ ብላ እየበላች ለመነሳት እየሞከረች እግሯ ብቻ ካቃታት ግን ካልሲየም አይጨምርላትም፣ ሐኪሙ ፎስፈረስና ማግኒዥየሟንም ማየት አለበት። እንደዚህ ነቃ ያለች ላም በጥሩ ጉዝጓዝ በሁለት በሶስት ቀን ልትነሳ ትችላለች፣ ዝም ያለች፣ የማትበላና ለመነሳት የማትሞክር ግን ተስፋዋ በየቀኑ ይቀንሳል።

ስትነሳ ደግሞ ወዲያው ጡቷን አታድርቅ፣ ለጥጃው የሚበቃ እንገር ብቻ አልባችሁ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ግማሹን ተዉት። ከአራት ላሞች አንዷ ገደማ በ2 ቀን ውስጥ ተመልሳ ትወድቃለች፣ ስለዚህ ቆማ በደንብ መዋጥ ስትችል በአፍ የሚሰጥ ካልሲየም አንዱን ያኔውኑ፣ ሌላውን 12 ሰዓት ቆይተህ ስጣት፣ ዛሬና ነገ ሌሊትም አንድ ሁለቴ ተነስታችሁ ጆሮዋን ዳስሱ።