ሥራ ሲቆም ኢንሹራንስ፦ ሁለቱ የ60 ቀን ገደቦች

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ከሥራ ተቀንሷል። የቤተሰቡ ኢንሹራንስ ጁን 30 ያበቃል ተብለናል። እኔ የምሠራበት ዴይኬር ኢንሹራንስ አይሰጥም። ሁለት ልጆች አሉን፣ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ኮብራ በወር 1,938 ዶላር ነው አሉን። ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ሁለት ወር ያለ ኢንሹራንስ ብንቆይ ምን ይመጣብናል?»

እህቴ፣ የድሮውን የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ በራስ ክፍያ ለሚያስቀጥለው ኮብራ አሁኑኑ ገንዘብ አታውጡ፤ ነገር ግን ጁን 30 ሳያልፍ የስቴቱ የኢንሹራንስ መግዣ በሆነው ማርኬትፕሌስ፣ በ marketplace.virginia.gov አመልክቱ። ኮብራም ማርኬትፕሌስም ለመመዝገብ 60 ቀን ይሰጣሉ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉት ነው። ኮብራ በጊዜው ከሞላችሁትና ከከፈላችሁት ኢንሹራንሱ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሸፍናል። ማርኬትፕሌስ ግን ያለፈን ሕክምና አይከፍልም፤ ፕላን ከመረጣችሁበት ቀን ቀጥሎ ባለው ወር 1ኛ ቀን ነው የሚጀምረው።

በእናንተ ቀን እንየው። እስከ ጁን 30 ድረስ ፕላን ከመረጣችሁ ጁላይ 1 ይጀምራል፣ አንድም ቀን ባዶ አትሆኑም። ጁላይ 2 ብትመርጡ ግን የሚጀምረው ኦገስት 1 ነው፤ የሁለት ቀን መዘግየት ሙሉውን ጁላይ ያሳጣችኋል። የመጨረሻው ቀን ኦገስት 29 ነው። በዚያ ቀን የመረጠ ሰው ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ይሸፈናል፣ ጁላይና ኦገስት ባዶ ይቀሩበታል። ኦገስት 29 ካለፈ ደግሞ ሌላ ምክንያት ካልተፈጠረ በስተቀር ኖቬምበር 1 የሚከፈተውን ዓመታዊ ምዝገባ መጠበቅ ነው፤ ያም ሽፋን የሚጀምረው በጃንዋሪ ነው። ስለዚህ «ሁለት ወር ብቻ» ያላችሁት ሳታስቡት ስድስት ወር ሊሆን ይችላል። ፕላን መምረጥ ብቻውን እንደማይበቃም እወቁ፤ የመጀመሪያው ወር ክፍያ ካልገባ ኢንሹራንሱ አይጀምርም።

ማመልከቻው ላይ በብዛት ችግር የሚፈጥረው ማስረጃው ነው። ከባለቤትሽ መሥሪያ ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ሥራው ያቆመበትን ቀን ብቻ ከጻፈ ሊመልሱት ይችላሉ። የሚፈለገው ኢንሹራንሱ የሚያበቃበት ቀን ነው፤ የአራታችሁም ስም ቢኖርበት ጥሩ ነው። ኤችአሩን ገና ስልክ በሚያነሳበት ጊዜ ጠይቁት።

ገቢ ሲጠየቅ የዓመቱን ግምት ነው የምትሞሉት፦ እሱ እስካሁን ያገኘው ደሞዝ፣ ያንቺ ደሞዝ፣ የሥራ አጥ ክፍያውና ሲሰናበት የተሰጠው ገንዘብ ሁሉ ይደመራል። ዝቅ አድርጎ መጻፍ የሚያዋጣ እንዳይመስላችሁ። ከ2026 ጀምሮ ለማርኬትፕሌስ ፕላን በገቢያችሁ ልክ በሚሰጠው ድጎማ መልክ በትርፍ የወሰዳችሁት ሙሉ በሙሉ በታክስ ጊዜ ይመለሳል፣ ቀድሞ የነበረው ጣሪያ ተነስቷል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው ሜዲኬይድ ግን የሚያየው ያሁኑን የወር ገቢ ስለሆነ ዓመቱ ሲጀመር ጥሩ ደሞዝ የነበረው ቤተሰብም አሁን ሊገባበት ይችላል። ልጆች የሚፈቀድላቸው የገቢ ልክ ከወላጅ ከፍ ያለ ስለሆነ ሁለቱን ልጆች ፋሚስ ወደሚባለው የቨርጂኒያ የልጆች ኢንሹራንስ፣ እናንተን ወደ ማርኬትፕሌስ ፕላን ቢለያዩዋችሁ አትደንግጡ። ሜዲኬይድና ፋሚስ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። ግሪን ካርድ ከያዛችሁ አምስት ዓመት ያልሞላችሁ ከሆነ ለአዋቂዎች ሜዲኬይድ ሊከለከል ይችላል፤ በቨርጂኒያ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ልጆችና እርጉዞች ይህን አምስት ዓመት አይጠብቁም።

አሁን ወደ ኮብራ። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት መስጠት ግዴታው ነው፣ ከሥራ ለተቀነሰ ሰው 18 ወር ይቆያል። ዋጋው የሚያስደነግጠው ድርጅቱ ይከፍለው የነበረው ድርሻ ወደ እናንተ ስለሚዞርና 2 ከመቶ ስለሚጨመርበት ነው፤ የእናንተ 1,938 ማለት ጠቅላላ ዋጋው 1,900 ነበር ማለት ነው። ደብዳቤው ለመድረስ ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስሙን ሰምታችሁት ከማታውቁት አስተዳዳሪ ኩባንያ ስለሆነ ማስታወቂያ መስሎ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። አድራሻ ከቀየራችሁ አሳውቁ፤ በያዙት አድራሻ መላካቸውን ካረጋገጡ «አልደረሰንም» ማለት አያድናችሁም።

60 ቀኑ የሚቆጠረው ኢንሹራንሱ ካቆመበትና በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ከኋለኛው ነው። ደብዳቤው ጁላይ 8 ከተጻፈ እስከ ሴፕቴምበር 6 ጊዜ አላችሁ። ቅጹን ከላካችሁ በኋላ ለመጀመሪያው ክፍያ 45 ቀን ይሰጣል።

እንበልና የማርኬትፕሌሱ ዘግይቶ ኦገስት 1 የሚጀምር ሆነ፣ ጁላይ 20 ትንሹ ልጅ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ኮብራ ላይ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ለብቻው የመምረጥ መብት ስላለው ለዚያ ልጅ ብቻ መሙላት ትችላላችሁ። የምትከፍሉትም የቤተሰቡን 1,938 ሳይሆን የአንድ ሰው ዋጋ ነው፤ የአንድ ሰው ጠቅላላ 680 ከነበረ 693.60 ዶላር ይሆናል። ጁላይ 21 ሆስፒታሉ ኢንሹራንሱን ቢፈትሸው ተቋርጧል ብሎ ያሳየዋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ኮብራ እየሞላችሁ መሆኑን ንገሯቸው፣ ሂሳቡን እንዲያቆዩት ጠይቁ፣ ሲስተካከል በድሮው የአባልነት ቁጥር እንደገና ይላኩት። ቅጹን እዚያው ጁላይ ውስጥ ላኩ። እስከ ሴፕቴምበር ካቆያችሁት አስተዳዳሪው የጁላይን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ወራት ሁሉ በአንድ ላይ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የመጀመሪያው ክፍያ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ፤ ጎድሎ ከተከፈለ ሙሉውን መብት ሊያሳጣ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ቅጹ ላይ «አልፈልግም» የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ አትመልሱ። 60 ቀኑ እስካላለቀ ሐሳብ መቀየር ይቻላል፣ ነገር ግን አንዴ እምቢ ካላችሁ በኋላ የሚሰጣችሁ ሽፋን ሐሳባችሁን ከቀየራችሁበት ቀን ጀምሮ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ኋላ የሚሸፍነው ጥቅም ያን ጊዜ ያመልጣችኋል። ቅጹን ባዶውን አስቀምጡት።

ይህ መጠባበቂያ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ድርጅቱ ተዘግቶ ወይም የሠራተኞቹን ኢንሹራንስ ጨርሶ ካቋረጠ የሚቀጥል ፕላን ስለሌለ ኮብራም የለም። ከ20 ሠራተኛ በታች ከሆነ ደግሞ የስቴቱ ሕግ ነው የሚሠራው፣ የጊዜ ገደቡም የተለየ ነው፤ በዚህ የ60 ቀን ስሌት አትመኩ።

ኮብራን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መክፈል የሚያዋጣው በቤቱ እርጉዝ ወይም በከባድ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ሲኖርና ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው የዓመቱ ዲዳክቲብል ሲሞላ ነው፤ አዲስ ፕላን ከዜሮ ያስጀምራችኋል፣ ሐኪሙንም ላይቀበል ይችላል። ግን ኮብራ ገብታችሁ ኦገስት 29 ካለፈ በኋላ «ተወደደብን» ብላችሁ ብትተዉት ማርኬትፕሌስ በዚያ ምክንያት አይከፈትላችሁም። ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ የኮብራ ወርሃዊ ክፍያ ሲዘገይ የሚታገሱት 30 ቀን ነው፣ ካለፈ መመለሻ የለውም።

በዚህ መሐል ስልክ እየደወሉ በወር መቶ ምናምን ዶላር «ሙሉ ሽፋን» የሚሉ ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የአጭር ጊዜ ፕላን ነው፤ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ቀድሞ ካለ ለእሱ አይከፍልም። «ከዚህ በፊት የነበረ በሽታ ይሸፍናል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ።

ሌሎቻችሁም ይህን የምታነቡ፣ ባል ወይም ሚስት በሥራ ቦታ ኢንሹራንስ የሚሰጠው ካለ እዚያ ለመግባት የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ብቻ ስለሆነ ከሁሉም ቀድማችሁ እሱን ጠይቁ።