የፈቃድ ኢሜይል ርዕስና መነሻ

«ጅማ ነው የምሠራው። ደሴ ለሚደረገው የእህቴ ሠርግ የአራት ቀን ፈቃድ ልጠይቅ ነው። የኢሜይሉ ርዕስና መጀመሪያ ምን ይሁን?»

ወንድሜ፣ «ፈቃድ ስለመጠየቅ» የሚል ርዕስ ብቻውን አይበቃም፤ የማን፣ የመቼ የሚለው ኢሜይሉ ሳይከፈት መታየት አለበት። እንዲህ ጻፍ፦

«የዓመት ፈቃድ ጥያቄ፦ ከጥር 18 እስከ 21 ቀን 2018»፣ ከዚያ ስምህ።

እኔ አንድ ጊዜ የወሩን ስም ትቼ «ከ18 እስከ 21» ብዬ ልኬ፣ በፈረንጆቹ ቀን ተመዝግቦልኝ ቀሪ ተባልሁ። ስለዚህ መሥሪያ ቤትህ የፈረንጆቹን አቆጣጠር የሚጠቀም ከሆነ «ጃንዋሪ 26 እስከ 29 ቀን 2026» የሚለውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጨምር።

ረጅሙን ሰላምታ በአካል ለምትገናኙበት ጊዜ አቆየው። ከ«ጤና ይስጥልኝ» ቀጥሎ፦ «ለእህቴ ሠርግ ደሴ ስለምሄድ ከሰኞ ጥር 18 እስከ ሐሙስ ጥር 21 የአራት ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ ዓርብ ጥር 22 ሥራ እገባለሁ።»

የምትመለስበትን ቀን አትዝለል፤ «እስከ 21» ሲባል 21ን ሥራ ላይ የሚጠብቅ አለቃ አይጠፋም።