የጾም ምግብ ለጨጓራ ሕመምተኛ

«እማዬ ጨጓራ ያማታል። በጾም 9 ሰዓት ላይ ሽሮ በልታ ቡና ስትጠጣ ደረቷን ያቃጥላታል፤ ማታ ይብስባታል። ምን ላብላት?»

ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ በርበሬ፣ ብዙ ዘይትና ቡና ተከታትለው ሲገቡ ነው የሚያስቸግራቸው። ቅባት ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያቆየዋል፤ አሲዱም ወደ ላይ የመመለስ ዕድል ያገኛል።

መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃና አንድ የበሰለ ሙዝ ስጣቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በደንብ የበሰለ የድንችና የካሮት አልጫ ይብሉ። ሽሮ ካማራቸው በርበሬ የሌለበት ነጭ ሽሮ ይሁን፤ ቲማቲም አይግባበት፣ ዘይቱም ለአንድ ሰው ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይብለጥ። በጣም የኮመጠጠ እንጀራ የሚያቃጥላቸው ከሆነ ብዙ ሳይቦካ ቶሎ የተጋገረውን ይሞክሩ። ቡናውን ለ2 ሳምንት አቁመው ልዩነቱን ይዩ፤ ካልከበዳቸው በኋላ አንድ ስኒ፣ ያውም ከምግብ በኋላ። አምቦ ውሃ ያቀልላል ይባላል እንጂ ጋዙ ሆድ ነፍቶ ያስገሳል፣ ከግሳቱ ጋር አሲዱም ይወጣል።

ለማታው፣ 4 ሰዓት የሚተኙ ከሆነ እራት 1 ሰዓት ላይ ይለቅ። የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርግ። ትራስ መደራረብ ግን ሆድን አጥፎ ያባብሰዋል።

ለመገጣጠሚያ ሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ይወስዱ እንደሆነ ጠይቃቸው፤ እነዚህ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ አልጫ ብቻውን አያድንም። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳቸው ወይም መዋጥ ካቃታቸው ሳትዘገይ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው።