ፓስካልን ወደ አትሞስፌር ለመቀየር ይካፈላል ወይስ ይባዛል?

«ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ማርቆስ ነው የምማረው። መልመጃችን ‹2.50 ሊትር በሚይዝ ዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ናይትሮጅን ግፊቱ 8.106 × 10⁴ Pa፣ ሙቀቱ 27 °C ነው፤ ስንት ሞል ነው?› ይላል። ግፊቱን ወደ አትሞስፌር ልቀይር ብዬ በ101325 ሳባዛው ከ8 ቢሊዮን በላይ ሆነብኝ። ወንድሜ ደግሞ ‹መቀየር አያስፈልግም፣ ዝም ብለሽ አስገቢው› አለኝ፤ ሳስገባው 8232 ሞል መጣ። የቱ ነው ልክ?»

እህቴ፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ግፊቱ 0.800 አትሞስፌር ነው፣ መልሱም 0.0812 ሞል ነው። ኬሚስትሪ ሳስተምር በየዓመቱ የማርመው ስህተት ስለሆነ ከየት እንደሚመጣ ጭምር ላስረዳሽ።

መጀመሪያ የአሃዶቹን ትልቅነት አስቢ። አንድ ፓስካል ማለት የአንድ ኒውተን ኃይል አንድ ካሬ ሜትር ላይ ተዘርግቶ ሲያርፍ የሚኖረው ግፊት ነው፤ እጅግ ትንሽ ነው። አንድ አትሞስፌር ደግሞ 101325 ፓስካል ነው። ስለዚህ ያንኑ ግፊት በፓስካል ስትጽፊው ቁጥሩ ትልቅ፣ በአትሞስፌር ስትጽፊው ትንሽ መሆን አለበት። ያንቺ 81060 ፓስካል ደግሞ ከ101325 ያነሰ ስለሆነ፣ ገና ሳትሠሪው መልሱ ከ1 እንደሚያንስ ማወቅ ትችያለሽ። ቢሊዮን ሲመጣብሽ ብዕርሽን ማስቀመጥ የነበረብሽ እዚያው ላይ ነው።

«ይካፈላል» ብለሽ በቃልሽ አትያዢው፤ ፈተና ላይ ይጠፋብሻል። ከዚያ ይልቅ አሃዱን ከቁጥሩ ሳትለዪ እንዲህ ጻፊው፦

81060 Pa × (1 atm / 101325 Pa) = 0.800 atm

ከላይ ያለው Pa ከታች ካለው Pa ጋር ይጣፋል፤ የሚቀርሽ atm ብቻ ነው። ክፍልፋዩን ገልብጠሽ ብታባዢው ኖሮ Pa በPa ተባዝቶ በatm ተካፍሎ ይቀር ነበር፤ እንዲህ ያለ የግፊት አሃድ ስለሌለ ወረቀቱ ራሱ ስህተትሽን ይነግርሻል። አንዳንድ ልጆች 101325ን ለማቅለል 100000 ያደርጉታል። ያ ግን አንድ ባር የሚባል ሌላ አሃድ ነው፤ መልስሽን ከመቶ አንድ ያህል ያዛባዋል።

አሁን ወደ PV = nRT እንግባ። ሙቀቱ 27 ሲደመር 273፣ 300 ኬልቪን ይሆናል። R ደግሞ 0.08206 L·atm/(mol·K) ነው።

n = (0.800 × 2.50) / (0.08206 × 300) = 2.00 / 24.6 = 0.0812 mol

ወንድምሽ «መቀየር አያስፈልግም» ያለው ግማሹ እውነት ነው። ግፊቱ በምን አሃድ መግባት እንዳለበት የሚወስነው የምትጠቀሚበት R ነው። 0.08206ን ከመረጥሽ R ራሱ ውስጥ ሊትርና አትሞስፌር ስላለ ግፊቱ የግድ አትሞስፌር ይሆናል። ፓስካሉን እንዳለ ማስገባት ከፈለግሽ R = 8.314 ትወስጃለሽ፤ ያን ጊዜ ግን ይዘቱ በሜትር ኩብ መሆን አለበት። 2.50 ሊትር 0.00250 ሜትር ኩብ ነው።

n = (81060 × 0.00250) / (8.314 × 300) = 202.65 / 2494.2 = 0.0812 mol

ያው መልስ መጣ። እኔ በግሌ ጥያቄው በፓስካል ከተሰጠ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ አንድ ቅየራ ይቀንሳል። አስተማሪሽ «ወደ አትሞስፌር ቀይሪ» ካለ ግን የመጀመሪያውን ሥሪ፤ ነጥብ የሚሰጠው ለቅየራውም ጭምር ነው።

የበለጠ የምፈራው ግን 8.314ን ወስዶ ሊትሩን ሳይቀይር የሚያስገባውን ተማሪ ነው። መልሱ 81.2 ሞል ይመጣለታል፣ ልክ ሺህ እጥፍ። ያንቺ 8232 ሞል አስደንጋጭ ስለሆነ ጠየቅሽ፤ 81.2 ግን ደህና ቁጥር ይመስላልና ማንም ሳይጠራጠር ያልፋል። መፈተኛው ክብደቱን ማስላት ነው። የአንድ ሞል ናይትሮጅን ጋዝ ክብደት 28 ግራም ነው። 8232 ሞል ከሆነ 230 ኪሎ፣ ማለትም ከሁለት ኩንታል በላይ፣ ሁለት ሊትር ተኩል በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ገባ ማለት ነው። 81.2 ሞልም ቢሆን 2.3 ኪሎ ግድም ነው፤ ያ የፈሳሽ እንጂ የጋዝ ክብደት አይደለም። 0.0812 ሞል 2.3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ጋዝ ማለት ይህ ነው። ሌላም ፈጣን መንገድ አለ። በ300 ኬልቪንና በአንድ አትሞስፌር አንድ ሞል ጋዝ 24.6 ሊትር ገደማ ይይዛል። ያንቺ ዕቃ የዚያ አንድ አሥረኛ ነው፣ ግፊቱም ከአንድ ትንሽ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ከ0.1 ሞል ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት።

ቅየራው ጭራሽ የማያስፈልግበት ቦታም አለ። P₁V₁ = P₂V₂ ስትሠሪ ሁለቱም ግፊቶች በፓስካል ከሆኑ እንዳሉ ተያቸው፤ አሃዶቹ ከግራና ከቀኝ ይጣፋሉ። ሙቀት ሲገባበት ግን የትኛውም የጋዝ ቀመር ላይ ቢሆን ኬልቪን ነው፣ እዚያ ላይ ምሕረት የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ እናንተ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ልብ በሉት። «ክፍት ዕቃ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ወይም ቤተ ሙከራ ውስጥ ጋዝ ስትሰበስቡ ግፊቱን 1 አትሞስፌር ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አንድ አትሞስፌር በባሕር ወለል አካባቢ ባለው የአየር ግፊት ልክ የተቆረጠ አሃድ ነው፤ የጎጃም አየር ያን ያህል አይጫንም። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ወደ 81 ሺህ ፓስካል፣ ማለትም 0.80 አትሞስፌር ነው። የመልመጃሽ ዕቃ ባሕር ዳር ላይ ክፍት ተደርጎ የተዘጋ ቢሆን ይህንኑ ቁጥር ያነብ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከዚያም ከፍ ትላለች፣ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቱ 75 ሺህ ፓስካል አካባቢ፣ 0.74 አትሞስፌር ይሆናል። እናንተ ጋ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጋዙን ግፊት 0.74 ብሎ መጻፍ ሲገባ 1 መጻፍ ሞሉን ከሲሶ በላይ ያበዛዋል።

መልመጃው «STP» ካለ ወይም ግፊቱን ራሱ ከሰጠ የተሰጠውን ተጠቀሚ፤ ይህ የምለው በእጃችሁ ስለምትሠሩት ሙከራ ነው። ለዚያም ብለሽ ስልክሽ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ አትቅጂ። እዚያ 1015 hPa የመሰለ ቁጥር ታያለሽ፤ አንድ hPa መቶ ፓስካል ስለሆነ ስትቀይሪው 1.00 አትሞስፌር ይመጣል። ቁጥሩ ግን ከተሞችን ለማነጻጸር እንዲመች ወደ ባሕር ወለል ተስተካክሎ የተጻፈ እንጂ ደብረ ማርቆስ ላይ የተለካው አይደለም። ቤተ ሙከራችሁ ባሮሜትር ካለው በቀጥታ ከእሱ አንብቡ፤ ከሌለው 0.74ን ያዙና ግምት መሆኑን ሪፖርታችሁ ላይ ጻፉ።