ሞርፊንና ትንፋሽ

ጥያቄ፦ «እናቴ ኦፕራሲዮን ሆና ሞርፊን እየተወጋች ነው። ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች ትንፋሿን ትቆጥራለች። የህመም መድኃኒት ከትንፋሽ ጋር ምን አገናኘው?»

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ ቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ነርስ ስለሆንኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሞርፊን በዋናነት የሚሠራው ቁስሉ ላይ ሳይሆን ነርቭ ላይ ነው። በነርቭ ሴሎች ላይ «ሙ» የሚባሉ ሪሴፕተሮች አሉ፤ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ኢንዶርፊን የሚያርፍባቸው ናቸው። ሞርፊን እዚያ ላይ ሲያርፍ ካልሲየም ወደ ሴሉ እንደልቡ አይገባም፣ ፖታሲየም ደግሞ ይወጣል። ስለዚህ ሴሉ በቀላሉ አይነሳሳም፣ መልእክትም አያቀብልም። ይህ ህብለ ሰረሰር ላይ ሲሆን ህመሙ ወደ አንጎል የሚደርሰው ተዳክሞ ነው።

ጣጣው እነዚሁ ሪሴፕተሮች በአንጎል ታችኛው ክፍል፣ ትንፋሽን በሚመሩት ሴሎች ላይም መኖራቸው ነው። በጤናው ጊዜ ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ከፍ ሲል እነዚያ ሴሎች ትንፋሹን ያፈጥኑታል። ሞርፊን ሲበዛባቸው ግን ጋዙ ቢጠራቀምም ምላሻቸው ይደክማል። በጣም የሚያስፈራኝ በሽተኛው መታፈኑ አለመሰማቱ ነው። አይንፈራገጥም፣ አይጮህም፣ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል።

አንድ ጊዜ ከሳቢያን የመጡ፣ እግራቸው የተሰበረ አባት ነበሩ። ኩላሊታቸው ደካማ ነበር። ማታ ላይ ልጆቻቸው «ተመስገን፣ ዛሬ እንቅልፍ ወሰዳቸው» ብለው ደስ ብሏቸዋል። እኔ ስደርስ ያንኮራፋሉ፣ መሀል ላይ ጸጥ ይላሉ። ትከሻቸውን ስነቀንቃቸው ዓይናቸውን ገልጠው ቃሉን ሳይጨርሱ ተመልሰው አንቀላፉ። ትንፋሻቸውን ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 7 ነው። የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። ጣታቸው ላይ ያለው የደም ኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ ግን ኦክስጅን ስለተሰጣቸው 96 በመቶ ያሳያል። መሣሪያው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለማይለካ፣ ኦክስጅን ላይ ላለ ሰው ትንፋሽ መቁጠሩ ይበልጣል።

ሐኪሙ ናሎክሶን በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጥ አዘዘ። ናሎክሶን ሞርፊኑን ከሪሴፕተሩ አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሻቸው 14 ገባ። ልጆቻቸው አደጋው አለፈ ብለው ነበር። ግን የናሎክሶን ጉልበት ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ጉበት ከሞርፊን የሚሠራው ኃይለኛ ንጥረ ነገር ደግሞ በኩላሊት ካልወጣ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው እንደገና ስለወረደ ሌላ ናሎክሶን ተሰጥቷቸው እስከ ንጋት አጠገባቸው ነበርን።

እናትሽ የኩላሊት ችግር ካለባት ለሐኪሟ ንገሪ። ከቤት የመጣ የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ኪኒን አትስጫት፤ ከሞርፊኑ ጋር ሲደረቡ ትንፋሽን ይበልጥ ያዳክማሉ። ስትጠሪያት ነቅታ የምትመልስልሽ ከሆነ መልካም ነው። ለመንቃት ከከበዳት ወይም በደቂቃ ከ10 በታች ከተነፈሰች፣ የሚቀጥለው መርፌ እንዳይሰጥ ተናግረሽ ነርሷን ወዲያው ጥሪ።