ጎድሎ የሚሞላ ጠርሙስ፦ የዲማይክ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ ክፍት ነው፣ የምንሄደው በዲማይክ ደረጃዎች ነው፦ ዲፋይን፣ ሜዠር፣ አናላይዝ፣ ኢምፕሩቭ፣ ኮንትሮል። የኔ ቤት ጠርሙስ የሚሞላው ማሽን፣ ፊለሩ ነው፣ ሌብልና ፓሌት ላይ ከኔ ብዙ አትጠብቁ።

ላይን_ሶስት፦ ኢንጅነር፣ ግማሽ ሊትር ለስላሳ በከፍታ በሚሞላ ባለ 60 ቫልቭ ፊለር ላይ እንሞላለን። በቀን 200,000 ጠርሙስ ይወጣል፣ ወደ 2,400ው ጎደለ ተብሎ ይጣላል። ፕሮጀክት ጀምረን ሶስት ሳምንት ሙሉ የመንስኤ ፊሽቦን ስንስል ቆየን። ከየት እንያዝ?

ፊሽቦኑን አጥፉት አልልም ግን ለጊዜው ይቀመጥ፣ ሜዠርን ዘላችሁ አናላይዝ ውስጥ ገብታችኋል። የዲፋይን ስራችሁ ያለቀ ነው፣ አሁን የጻፍከው ራሱ ይበቃል፦ አንድ ላይን፣ አንድ መጠን፣ አንድ ዲፌክት፣ 1.2 ፐርሰንት። ቆርኪና ሌብል ጨምራችሁ እንዳታሰፉት።

ሜዠር ላይ መጀመሪያ የምትፈትሹት ፊለሩን ሳይሆን የፈሳሹን ከፍታ አይቶ ጠርሙሱን የሚጥለውን መርማሪ ማሽን ነው። ከተጣሉት 100 ጠርሙስ ውሰዱ፣ አረፋው እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዛ በእጅ ለኩ። አንገት ላይ የቀረ አረፋ መርማሪውን ያሳስተዋል፣ ስለዚህ ከተጣለው የተወሰነው ደህና ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹንም እዩ፣ ጎዶሎ መሆኑን የምታውቁትን ጠርሙስ ምልክት አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉት፣ ሁሌ ይይዘዋል ወይ?

ቀጥሎ የቫልቭ ቁጥር። እያንዳንዱ ጠርሙስ ከየትኛው ቫልቭ እንደወጣ ካላወቃችሁ ምንም አትንኩ። መርማሪያችሁ ቁጥሩን የማይሰጥ ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር 60 ጠርሙስ በተራ አውጡና ከ1 እስከ 60 ጻፉበት። በተለያየ ሰዓት 10 ዙር ይበቃል። ስትለኩ ደግሞ ‹አለፈ፣ ወደቀ› ብላችሁ ሳይሆን ከፍታውን በሚሊሜትር መዝግቡ፣ ምክንያቱም ከ600 ጠርሙስ የሚወድቀው ሰባት ገደማ ነው፣ በሰባት ጠርሙስ ደግሞ ማንንም ቫልቭ መክሰስ አይቻልም፤ ሚሊሜትር ከያዛችሁ ግን እያንዳንዱ ቫልቭ አስር አስር ቁጥር ይኖረዋል፣ ዝቅ የሚለው ራሱን ያወጣል።

ብሩክ_ፒ፦ ዲፌክት በምን ይቀንሳል?

የምን ዲፌክት? የትኛው ማሽን? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም።

ፍሎው_ሜትር፦ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ሴትፖይንቱን 5 ሚሊ ከፍ አድርጎ መገላገል ነው፣ እኛ እንደዛ አድርገን ሪጀክት ወርዶልናል።

የናንተ ፊለር በፍሎው ሜትር ስለሚለካ ቁጥር መቀየር ትችላላችሁ። የላይን_ሶስት ግን ከፍታውን የሚወስነው ቫልቩ ውስጥ ያለው የአየር መመለሻ ቱቦ ነው፣ ፈሳሹ ቱቦው አፍ ላይ ሲደርስ መሙላት ያቆማል። ከፍ ለማድረግ 60 ቱቦ መቀየር ሊኖርበት ነው። ሪጀክት መውረዱ እውነት ነው፣ አልክድህም፣ ግን ሂሳቡን ስራ፦ 5 ሚሊ በ200,000 ጠርሙስ በቀን 1,000 ሊትር በነጻ ሰጠህ ማለት ነው፣ የታመመውም ቫልቭ እንደታመመ ነው።

ሃና_ላብ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ ከፍታ ለምን? ደንበኛው የሚገዛው ሚሊ ነው። እኛ ሙሉውን መዝነን፣ ባዶውን አድርቀን መዝነን፣ ልዩነቱን ለዴንሲቲ እናካፍላለን።

ፍሎው_ሜትር፦ ልክ ነሽ፣ ከፍታ ያታልላል። ተመላሽ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጡ እኩል አይደለም፣ ያው ከፍታ ላይ የተለያየ ሚሊ ይይዛል።

ሃና_ላብ፦ እሱማ ለኔ ነው የሚያግዘው እኮ!

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ለሌላ ጥያቄ። ለህግና ለደንበኛ ሚሊ ነው። የታመመ ቫልቭ ለመፈለግ ግን ይሄ ፊለር የሚቆጣጠረው ከፍታን ስለሆነ ከፍታ ለኩ፣ በሚሊ ከሄዳችሁ የጠርሙሱ ልዩነት የቫልቩን ይሸፍነዋል። ሃና ግን አልተስማማችም፣ ይሁን።

ኪውኤ_ሜሪ፦ እኛ በየሰዓቱ 5 ተከታታይ ጠርሙስ ወስደን አማካያቸውን በኤክስባር ቻርት እንከታተላለን፣ ሁሌ ኢን ኮንትሮል ነው፣ ሪጀክቱ ግን አልቀነሰም። ቻርቱ ነው ልክ ያልሆነው ወይስ መርማሪው?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር እህቴ። አምስቱ ተከታታይ ጠርሙሶች ከአምስት የተለያዩ ቫልቮች ነው የወጡት። በቫልቮቹ መካከል ያለው ልዩነት ሬንጁ ውስጥ ይገባል፣ ሬንጁ ሲሰፋ ሊሚቱም ይሰፋል፣ ከዛ በኋላ ምንም ነገር ከሊሚት አይወጣም። በዛ ላይ አንድ የታመመ ቫልቭ ናሙናሽ ውስጥ የሚገባው ከ12 ጊዜ አንዴ ነው፣ ሲገባም ከአራት ጤነኞች ጋር በአማካይ ይዋጣል። ቻርቱ ኢን ኮንትሮል ያለሽ ስለማያይ ነው። አንድን ቫልቭ ከራሱ ጋር በጊዜ አወዳድሪ፣ ቫልቭን ከቫልቭ ጋር በአንድ ሳብግሩፕ አትቀላቅይ። አሁንም እላለሁ፣ መጀመሪያ የቫልቭ ቁጥር።

ዮኒ፦ ግሪን ቤልት የት ልውሰድ? ሚኒታብስ የግድ ነው?

የመጀመሪያውን ሌላ ሰው ይመልስልህ። ሚኒታብ የግድ አይደለም፣ ለዚህ ስራ ኤክሴል ይበቃል።

ማስተር_ዋና፦ 1.2 ፐርሰንት ስንት ሲግማ ነው?

ከ1.5ቱ ሺፍት ጋር 3.75 አካባቢ። ቫልቭ አይጠግንም።

ላይን_ሶስት፦ (ከሁለት ቀን በኋላ) ለክተን መጣን። ከ100ው 18ቱ ደህና ናቸው፣ በከንቱ ነው የተጣሉት። 14፣ 15፣ 37ና 52 ቁጥር ቫልቮች በአስሩም ዙር ዝቅ ይላሉ። የአራቱንም ላስቲክ በሙሉ እንቀይር?

ጥሩ ስራ ነው! ግን ሁሉንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ ቢድን እንኳ ምኑ እንዳዳነው አታውቁም። የ37ን ቱቦ ከነማሰራጫ ላስቲኩ አውጡና ከአንድ ጤነኛ ቫልቭ፣ በሉ ከ20 ጋር ተለዋወጡ። ጉድለቱ ወደ 20 ከሄደ ጥፋተኛው ቱቦው ወይ ላስቲኩ ነው፤ ላስቲኩ ከተበላ ፈሳሹ የጠርሙሱን ግድግዳ ይዞ መውረዱን ትቶ መሃል ላይ ይወርዳል፣ አረፋ ያወጣል፣ ግፊቱ ሲለቀቅ አረፋው ፈሳሽ ይዞ ይወጣል። ጉድለቱ 37 ላይ ከቀረ ግን ቫልቩን ራሱን፣ የጠርሙሱን አፍ የሚዘጋውን ላስቲክና ማንሻውን እዩ። 14ና 15 ጎረቤት መሆናቸው ይከነክነኛል፣ ተራ አጋጣሚ ላይሆን ይችላል።

የማታ_ሺፍት፦ የኛ ችግር ቫልቭ አይደለም፣ ላይኑ ቆሞ ሲነሳ ብቻ ነው የሚጎድለው።

እንዴት አወቅህ? የቫልቭ ቁጥር አለህ?

የማታ_ሺፍት፦ ቁጥር የለኝም ግን በአይን ይታያል፣ ከተነሳ በኋላ ለተወሰነ ደቂቃ ሁሉም አረፋ ያወጣል።

ሁሉም አረፋ ካወጣ እውነትም የቫልቭ ላይሆን ይችላል። ቆሞ የቆየ ምርት ታንኩ ውስጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ጋዙን መያዝ ያቅተዋል። ሪጀክቱን ከተነሳችሁበት ደቂቃ አንጻር አስቀምጥ፣ ጎን ለጎን የምርቱን ሙቀት ጻፍ። ሙቀቱ ሳይጨምርም አረፋ የሚያወጣ ከሆነ የመነሻ ፍጥነቱን ቀንሳችሁ ሞክሩ። የትኛው እንደሚበልጥ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም።

ኪውኤ_ሜሪ፦ ዲፌክት ቀንሶ ከሶስት ወር በኋላ ቢመለስስ? ኮንትሮል ፌዙ ላይ ምን እንጻፍ?

በሳምንት አንድ ሙሉ ዙር ለኩ፣ ለየቫልቩ የራሱ መስመር ይኑረው። ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ አንድ ቫልቭ ዝቅ ሲል ማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ የትኛውን ክፍል እንደሚቀይር ይጻፍ። ያ ሰው ኪውኤ ሳይሆን የፊለሩ ኦፕሬተር ቢሆን ይሻላል፣ መፍቻው እሱ እጅ ላይ ነው።

ብሩክ_ፒ፦ እሺ የኔ ዲፌክት ቆርኪ ነው፣ ይላላል።

የሁሉም ካፐር ራስ ነው ወይስ የአንዱ? ቁጥሩን ይዘህ ተመለስ።