ብርጭቆው የወሰደውንም ቁጠሩ

ውድ ልጆቼ፣ ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል። ብርጭቆውን ይዛችሁ ብታማስሉት ቅዝቃዜው መዳፋችሁ ላይ ይሰማችኋል። እንግዲህ የቀዘቀዘው ውሃው ብቻ አይደለም፣ ብርጭቆውም ነው። ዩሪያው የሳበውን ሙቀት ሲያሰላ ግን ብዙ ተማሪ ውሃውን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ከዩሪያው በፊት ብርጭቆው በየዲግሪው ስንት ጁል እንደሚወስድ እወቁ። 50 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበትና ክዳኑን ገጥማችሁ ቴርሞሜትሩ እስኪረጋ ጠብቁ፤ 20.0 ዲግሪ አለ እንበል። በላዩ 50 ግራም የ50.0 ዲግሪ ውሃ ገልብጡ። ብርጭቆው ምንም ባይወስድ ድብልቁ 35.0 ላይ ይቆም ነበር፤ የቆመው 33.5 ላይ ነው። አንድ ግራም ውሃ በዲግሪ 4.18 ጁል ስለሚይዝ ሙቁ ውሃ የለቀቀው 50 × 4.18 × 16.5፣ ወደ 3449 ጁል ነው። ቀዝቃዛው የተቀበለው 50 × 4.18 × 13.5፣ ወደ 2822 ጁል። የጎደለው 627 ጁል ብርጭቆው ውስጥ ገብቷል፤ ለ13.5 ሲካፈል በዲግሪ 46 ጁል ይሆናል።

እዚህ ላይ የምትሳሳቱት በሙቁ ውሃ ነው። እንደ ደሴ ባለ ብርድ ክፍል ውስጥ ውሃው ከማንቆርቆሪያው ወጥቶ ጥቂት ሲቆይ ይበርዳል፤ ሙቀቱን ልትገለብጡ ስትሉ አንብቡ። አንድ ዲግሪ ብታሳስቱ 209 ጁል በብርጭቆው ስም ይመዘገባል፣ ቁጥሩም ከ46 ወደ 62 ገደማ ይዘላል። የፈላ ውሃ ወስዳችሁም 100 ዲግሪ ነው ብላችሁ አትጻፉ፤ ደሴ ላይ በከፍታዋ ምክንያት ውሃ የሚፈላው በ92 ገደማ ነው።

አሁን ወደ ዩሪያው። እንክብሉ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ በሙቀጫ አድቅቁትና 12 ግራም፣ ማለትም 0.2 ሞል መዝኑ። በዚያው ብርጭቆ፣ በዚያው ክዳንና ቴርሞሜትር፣ 100 ግራም ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉ። ሙቀቱ በ6.2 ዲግሪ ወረደ እንበል። የዚህ ሟሙት አንድ ግራም በዲግሪ 3.9 ጁል ገደማ ስለሚይዝ 112 ግራሙ 437 ጁል በዲግሪ ነው። በዚህ ብቻ ብታሰሉ 2709 ጁል፣ በሞል 13.5 ኪሎጁል ታገኛላችሁ። የብርጭቆውን 46 ስትደምሩ 483 ይሆናል፤ በ6.2 ሲባዛ ወደ 2995 ጁል፣ በሞል 15.0 ኪሎጁል። የሚታወቀውም ዋጋ 15 አካባቢ ነው።

ማስተካከያው ግን ከክፍሉ አየር የሚገባውን ሙቀት አያርምም። ለዚህ ከመጨመራችሁ በፊትም በኋላም በየ30 ሰከንዱ እያነበባችሁ ሣሉት፤ መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣውን መስመር ዩሪያው እስከገባበት ሰዓት ወደ ኋላ ዘርጉት። የሙቀት ለውጡን እዚያ ላይ አንብቡ። መስመሩ ሁሉ ደህና ሆኖ ውጤቱ አሁንም ካነሰ ዩሪያውን በጣታችሁ ፈትሹት። እርጥበት ስቦ ከተጣበቀ 12 ግራም ብላችሁ ከመዘናችሁት ውስጥ ከፊሉ ውሃ ነው።